በመንገድ መሀል ማን አለህ?

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ለቄሱም አልነገርኳቸውም። በየዓመቱ በሰግድ በዓላችን ቀን ጾሜን ቆሜ ኃጢአቴን ስቆጥር፣ እዚህች ላይ ስደርስ እንደ ጉድጓድ እዘላታለሁ። በልጅነቴ ከአጎቴ ቀፎ የሰረቅሁትን ማር እንኳ ስንት ጊዜ ተናዝዤዋለሁ። ማሩ ሰለቸው። እነሆ ሰማንያ ልደፍን ነው፤ ጉልበቴ ከድቶኛል፣ ጆሮዬ ከድቶኛል፣ ይህች ነገር ብቻ አልከዳችኝም። ስለዚህ ከአንዲት ሴት በቀር እናንተ የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች ናችሁ። ጥሩ ሰው የምታነቡ እንዳይመስላችሁ።

በሱዳን በኩል ወደ ተስፋይቱ ምድር በመጣን በሁለተኛው ዓመት ፔታሕ ቲክቫ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የሌሊት ሳኒታር ሆኜ ገባሁ። ሳኒታር ማለት በሽተኛውን፣ ደሙን፣ የኦክስጅን ጋኑን፣ ሲብስም ሬሳውን ከክፍል ወደ ክፍል የሚገፋ ሰው ነው። ወገራ ሳለሁ አህያ ስነዳ ነበር የኖርኩት፤ ስለዚህ ሥራው አዲስ አልሆነብኝም። ልዩነቱ እዚህ ጭነቱ «ቀስ በል» ይላል። የሙከራ ጊዜ ላይ ነበርኩ። ሙከራውን ያለፈ ቋሚ ይሆናል፤ የወደቀ ይሸኛል። እኔ ደግሞ ከመሸኘት በቀር የምፈራው ነገር አልነበረኝም።

የሌሊቱ አለቃችን ሪቭካ ትባላለች። ከድንገተኛ ክፍሉ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ስልክ፣ አንድ ደብተርና አንድ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ትቀመጣለች። ክፍሎች ይደውሉላታል፤ እሷ በየሳኒታሩ ስም ሥር ትጽፋለች፦ ከየት፣ ወዴት፣ በአልጋ ነው በወንበር፣ ኦክስጅን አለው የለውም፣ ስንት ሰዓት ወጣ፣ ስንት ሰዓት ደረሰ። በሽተኛውን ለነርሷ ካስረከብን በኋላ ከዚያው ክፍል እንደውላለን። «ደርሷል» ስንላት መስመሩን ትሰርዘዋለች።

አንዱን ክፍል ለቅቆ ሌላው ገና ያልተረከበው በሽተኛ «በመንገድ መሀል» ይባላል። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ነገሬ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። የተኛበት ክፍል ራጅ ላይ ነው ብሎ ያስባል። ራጅ ክፍሉ ወደ አልጋው ተመልሷል ብሎ ያስባል። ያን ሰው በዚያች ሰዓት በዓለም ላይ የሚያውቀው የሚገፋው ሳኒታር ብቻ ነው።

እኔ ታዲያ ምን እሠራ ነበር? ቀድሜ እደውል ነበር። ገና ራጅ ክፍል ሳለሁ ስልኩን አንስቼ «ደርሳለች» እላለሁ፤ ከዚያ እየሮጥኩ አደርሳለሁ። ሪቭካ ሰዓቱን አይታ «አንተ ክንፍ አለህ እንዴ?» ትለኛለች። ሞሪስ የሚባለው የሞሮኮ ሰው፣ ሃያ ዓመት የገፋ ሳኒታር፣ በጎን አይቶኝ «ወዳጄ፣ እኔም እንዳንተ በራሪ ነበርኩ፤ አሁን ወገቤን እይ» ይለኝ ነበር። እኔ ግን ክንፍ አለህ መባሉ ጣመኝ። ለማር የሚሰርቅ ልጅ ለምስጋናም ይሰርቃል።

ያን ሌሊት ከሦስተኛ ፎቅ እማማ ትብለጥን በተሽከርካሪ ወንበር ለደረት ራጅ አወረድኳቸው። ደምቢያ ተወልደው ያደጉ፣ ሳል የያዛቸው፣ ዕብራይስጥ ከ«ሻሎም» ያላለፉ እናት ናቸው። በአሳንሰሩ ውስጥ ሳለን «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ወገራ? ወገራ የሌባ አገር አይደለም እንዴ?» ብለው ሳቁ።

«ሌባው እኔ ብቻ ነኝ፣ እማማ።»

«እንግዲያስ ባወቅሁት ሌባ እጅ ነኝ» አሉና ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከነገ ወዲያ ወደ ልጃቸው ወደ ስንዱ ቤት፣ ወደ ክፋር አቭራሃም እንደሚመለሱም ነገሩኝ።

ራጁ አለቀ። ስልኩን አነሳሁ፤ «ትብለጥ ደርሳለች» አልኩ። ስልኩን ከማስቀመጤ ድምፅ ማጉያው ሳኒታሮች ሁሉ ወደ ድንገተኛ ክፍል እንድንሄድ ጠራ። አንድ የሠራተኞች ማመላለሻ በጋኔይ ቲክቫ በኩል ተገልብጦ ቁስለኞቹ በመምጣት ላይ ነበሩ። እማማን በኮሪደሩ ጫፍ፣ ከአንሶላ ቁም ሣጥኑ ጎን አቆምኩ፤ የወንበሩን ፍሬን ያዝኩ።

«እማማ፣ እዚሁ ይጠብቁኝ። እኔ ሳልመጣ ከማንም ጋር እንዳይሄዱ።»

ይህን ያልኳቸው ለእርሳቸው አስቤ ነው? አይደለም። ሌላ ሳኒታር ቢያገኛቸው ውሸቴ እንዳይወጣ ነው። እርሳቸውም «በሰላም ተመለስ፣ ልጄ» አሉ።

ሪቭካ ደብተሩ ላይ በቀይ ረጅም መስመር አወረደች። መቆየት የሚችል ሁሉ ተሰረዘ፤ ራጁ፣ የአንሶላው ጋሪ፣ የጠዋቱ ሽንት ናሙና። በምትኩ አዲስ ዝርዝር ጻፈች። አንድ ሰው አሳንሰሩን መሬት ላይ ይዞ ይቆያል። ሞሪስ ከድንገተኛ ክፍሉ የተሻላቸውን ወደ ላይ ያወጣል፣ ባዶ ቃሬዛና ኦክስጅን ይሰበስባል። እኔ ደም ብቻ አመላልሳለሁ። ከዚያ፣ ሥራ ከመስጠቷ በፊት፣ እያንዳንዳችንን ዓይን ዓይናችንን እያየች ጠየቀች።

«በመንገድ መሀል ማን አለህ?»

ሞሪስ አንድ ሽማግሌ ሁለተኛ ፎቅ በር ላይ እንደተወ ነገራት። «አድርሰውና ና» አለችው። አልተቆጣችም። ወደ እኔ ዞረች።

«ማንም» አልኩ።

ይህች ናት። ማንም አልኩ። እማማን ወደ ላይ ማድረስ አራት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው፤ ኋላ በሰዓቴ እየያዝኩ ደጋግሜ ሄጄበታለሁ፣ አራት ደቂቃ። ሪቭካ አራት ደቂቃ አትነሳኝም ነበር። ሞሪስን ነስታዋለች? ግን ከደቂቃዎች በፊት ደርሳለች ብያለሁና እንዴት አሁን አልደረሰችም ልበል? ክንፌ ሊወልቅ ነው። ማንም አልኩ።

ከዚያ ደም። ከቁስለኛው የተቀዳውን ብልቃጥ ከማዘዣው ጋር ወደ ደም ባንክ እሮጣለሁ። ስማቸው ላልታወቀ ሁለት ቁስለኞች ቁጥር ተሰጥቷቸው ነበር፤ በእጃቸው ላይ የታሰረው ቁጥር፣ ብልቃጡ ላይ ያለው፣ ማዘዣው ላይ ያለው አንድ መሆን አለበት። የደም ባንኩ ሠራተኛ ከረጢቱን ከመስጠቱ በፊት ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ ከወረቀቱ አነባለሁ፣ እንፈርማለን። ከረጢቱ በቀዝቃዛ ሳጥን ይገባል፤ መንገድ ላይ ማቆም የለም። አንድ ቁጥር ቢሳሳት ሰው ይሞታል። አንድም አልተሳሳትኩም። ለማላውቃቸው ሰዎች ይህን ያህል ጠንቃቃ ነበርኩ፤ ያ ደግሞ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል።

ሦስት ጊዜ በዚያ ኮሪደር ጫፍ አለፍኩ። ሦስቱንም ጊዜ እማማ ትብለጥን አየኋቸው። በመጀመሪያው እጃቸውን አነሱልኝ፤ እኔም «ቆይ» ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁ። በሁለተኛው አንገታቸውን ብቻ ቀና አደረጉ። በሦስተኛው ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሳጥኔ ውስጥ ደም አለ፣ ሰው እየሞተ ነው አልኩ ለራሴ። እውነት ነበር። ለሐሰት እንደ እውነት ያለ ምቹ መሸሸጊያ የለም።

ሊነጋ ሲል ሞሪስ ወንበር ሲሰበስብ አገኛቸው። ሊገፋቸው ሲል የማሞቂያውን ቧንቧ በሁለት እጃቸው ያዙ። የመጣች ነርስ ጣታቸውን ልታላቅቅ ሞከረች፤ እማማ በአማርኛ «ልጄ ጠብቂ ብሎኛል» ይላሉ። ማን ይስማቸው። አራት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠዋል፤ ሽንታቸው አምልጧቸው ነጠላቸውን በላዩ ላይ አጥፈውበታል። እንደ እርሳቸው ያለች የደምቢያ እመቤት በሰው ፊት እንዲያ ስትሆን ምን ማለት እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር።

ድካም ያንገላታው ወጣት ሐኪም መጣ። አማርኛ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበርና ጠሩኝ። ሲያዩኝ ቧንቧውን ለቀቁት። «ይኸው መጣ» አሉ።

ሐኪሙ የት እንዳሉ አስጠየቀኝ። «ሐኪም ቤት ነዋ» አሉ፤ ተረጎምኩ። ጊዜው ምን እንደሆነ ጠየቀ። «ሊነጋ ነው፣ ወፎቹ ጀምረዋል» አሉ፤ ተረጎምኩ። እዚህ እንዴት እንደመጡ ጠየቀ። ሪቭካ ደብተሯን ይዛ ከበሩ ላይ ቆማለች።

እማማ እንዲህ አሉ፦ «ይህ ልጅ አመጣኝ። ራጅ ተነሣሁ። ከማንም ጋር አትሂጂ፣ ጠብቂኝ አለኝ። ሥራ በዝቶበት ሲሮጥ አየሁት፤ አልተቆጣሁትም። ጠበቅሁት።»

እኔ እንዲህ ብዬ ተረጎምኩ፦ «አላውቅም፣ ወንበሩን እየገፋሁ ራሴ ወረድኩ ትላለች። ልጄ ይመጣል ትላለች።»

ሐኪሙ ጻፈ። ሪቭካ ደብተሯን ዘጋች፤ «በሰደር፣ መልካም፣ ሂድና እረፍ» አለችኝ።

በዚያች ወረቀት ላይ እማማ ትብለጥ አእምሯቸውን የሳቱ፣ ሌሊት የሚቅበዘበዙ ሴት ሆኑ። በማግስቱ ሌሊት እንዳይወርዱ እጃቸውን በፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር አሰሩት። ልጃቸው ስንዱ ኪርያት ማታሎን ውስጥ ባለ የልብስ ፋብሪካ ቀኑን ሙሉ ትሠራለች፤ እንዲህ ያለች እናት ብቻዋን ቤት መዋል የለባትም፣ ወደ አረጋውያን መጦሪያ ትሂድ ተባለ። ይህንንም የተረጎምኩላት እኔ ነኝ። ይህን ያህል ትጉህ ተርጓሚ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እማማ ከአልጋቸው ሆነው «ስንዱ፣ አትጨነቂ፤ ይህ ልጅ እያለ አፍ አለኝ» አሏት። ስንዱ እያለቀሰች ፈረመች።

እማማ፣ አማርኛ የሚሰማ አንድም ሰው በሌለበት በዚያ መጦሪያ፣ ክረምቱን ሳይጨርሱ ሞቱ። እኔ ቋሚ ሆንኩ። እስከ ጡረታዬ ገፋሁ።

ሙከራ ላይ ነበርኩ ልበል? አገሩ አዲስ ነበር ልበል? ሞሪስም ያን ሌሊት ሰው በመንገድ መሀል ነበረው፤ «አለ» ብሎ ተናገረ። አበቃ።

አሁን ለምን ጻፍከው ትሉኛላችሁ። ስንዱ ሰባ ዓመት እየሞላት ነው። በጸሎት ቤት እንገናኛለን፤ «ለእናቴ አፍ የነበሩ» ብላ ከሰው ፊት ታከብረኛለች፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ እከበራለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ቁልፏን የት እንዳስቀመጠች ረስታ ቦርሳዋን ስትበረብር ቆየች። አገኘችውና አልሳቀችም።

«ጋሼ፣ የእማማ በሽታ መጣብኝ መሰለኝ» አለችኝ። «ልጆቼን እያሰብኩ ሌሊት አልተኛም። እኔንም እንዲያ ይወስዱኝ ይሆን?»

እንግዲህ ይህ ወረቀት በሌላ ሰው እጅ ከመግባቱ በፊት፣ ሐሙስ ቤቷ ሄጄ አነብላታለሁ። ይቅር በይኝ አልላትም፤ ይህን የመሰለ ነገር ከጠየቅኋት መልሳ እኔን ልታጽናናኝ ነው፣ ያንን ደግሞ ልሰርቃት አልፈልግም። የምነግራት አንድ ነገር ነው። እናትሽ አንድ ቀን እንኳ አእምሮዋን አልሳተችም፣ ስንዱ። ጠብቂ ተባለች፤ ጠበቀች።