የተዋጠችው ጳጉሜ ስድስት

ጳጉሜ ሁለት ነበር። ወይስ ሦስት? ሦስትም ሊሆን ይችላል፤ ቀን መሳት ከእኔ ጋር አብሮ ያረጀ ነገር ነው። የማልጠራጠረው ዓመቱን ነው፤ ጳጉሜ ስድስት ቀን የምትሆንበት፣ በአራት ዓመት አንዴ የሚመጣው ዓመት ነበር።

ያን ጊዜ ለሆስፒታሎች የቀጠሮ ሶፍትዌር የሚሠራ ቢሮ ውስጥ መመሪያ ጸሐፊ ነበርኩ። ከጎኔ የምትቀመጠው ሴት ሥራዋ የሌላውን ሥራ ፈትሻ ስህተት ማውጣት ነው። አርባን ያለፈች፣ ብቻዋን የምትኖር፣ ከሥራ በቀር ብዙ የማታወራ ሴት ናት። ቢሮው "ነገር ፈላጊ" ይላታል፤ እሷም ስትጠራበት "አቤት" ትላለች።

"ና እስቲ እዚህ" ብላ ፕሮግራመሩን ጠራችው። "አዲሱ የልደት ቀን ገጽ ላይ ጳጉሜ 6 ቀን 2003 ብዬ አስገባሁ። የመለሰልኝን እይ።"

ስክሪኑ መስከረም 1 ቀን 2004 ይላል።

"የማን ልደት ነው ደግሞ?" አለ እየሳቀ። እሷ ዓይኗን ከስክሪኑ ላይ አላነሳችም። "አንዲት ቀን ብትዋጥ ምን አለበት? ስንቱን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀይሬ መልሼ ሞክሬዋለሁ፤ ዝንፍ አላለም።"

"ሲሄድም ሲመለስም እኩል ከተሳሳተ በምን ታውቃለህ? ያጠረ ሜትር ራሱን ሲለካ ልክ ነው።"

ሳቁን አቆመና ኮዱን ከፈተ። መስከረም አንድን በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ላይ ቸንክሮታል። ጳጉሜ ስድስት ስትሆን ግን አዲሱ ዓመት የሚገባው በ12 ነው። ከዚያ ጀምሮ ከፈረንጅ ቀን የሚቀየረው ሁሉ አንድ ቀን አልፎ ይነበባል፤ ፈረንጆቹ የራሳቸውን ትርፍ ቀን ፌብሩዋሪ ላይ ሲጨምሩ ስህተቱ በራሱ ጊዜ ይድናል። ሶፍትዌሩ ገና ሁለት ዓመቱ ስለሆነ እንዲህ ያለ ዓመት ገጥሞት አያውቅም።

"የዓይን ሐኪሞቹ!" አለች በድንገት።

ለአንድ ቀን ብቻ መጥተው የሚሄዱት ሐኪሞች ቀናቸውን የላኩት በፈረንጅ ነበር፤ ሴፕቴምበር 19። ሶፍትዌሩ ለታካሚዎቹ በስልክ መልእክት ያደረሰው ደግሞ መስከረም 9 ብሎ ነው። እውነቱ መስከረም 8 ነው። በ9 የሚመጣ ሰው የሚያገኘው የተቆለፈ ክፍል ነው።

የቢሯችን በር ጥበቃ ከእናቱ ስልክ የተላለፈለትን ይህን መልእክት በዚያው ማለዳ ለገባ ለወጣው ሁሉ ሲያሳይ ነበር። ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ የተጋረደ፣ አገር ቤት የሚኖሩ እናት አሉት።

አለቃችን ግንባሩን ያዘ። "ሆስፒታሉ ይህን ከሰማ ምን ይለናል? መጀመሪያ ኮዱ ይታረም፤ ከዚያ ቀስ ብለን..."

"ኮዱ ይቆይ፣ ጋሼ። ሰው ነው የማይቆየው። እርስዎ ካልደወሉ እኔ እደውላለሁ።"

አለቃችን ስልኩን እንደ እባብ ሲያየው ቆይቶ አነሳና ለሆስፒታሉ ደወለ። የእርምት መልእክቱ ከሰዓት በኋላ ወጣ። ነገር ፈላጊ ግን መልእክት አላመነችም፤ ስም እየጠራች ለሁሉም ደወለች። ሁሉም አነሱ፤ የጥበቃው እናት ብቻ ስልካቸው ዝግ ነው።

"ባትሪዋን የምታስሞላው ጎረቤት ዘንድ ነው፣ እትዬ" አለ ጥበቃው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። "ስንት ለምኜ ነው እሺ ያለችኝ! አሁን ካለፋት ሁለተኛ ከቤት አትወጣልኝም።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሂድ አምጣት!"

ፈቃድ ጠይቆ ሄደ። ከዚያ በኋላ የእሱም ስልክ ዝም አለ።

መስከረም 8 ጠዋት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ከእሷ ጋር ቆሜያለሁ። ነርሷ ስም ትጠራለች፤ የተጠራው ይነሳል፤ ወንበሩ ይራቆታል። የእናትየው ስም ተጠራ። ዝም። ደግማ ጠራች።

"ትንሽ ብቻ፣ እህቴ። መንገድ ላይ ናቸው" አለች ነገር ፈላጊ።

"መንገድ ላይ መሆናቸውን በምን አወቅሽ?"

አላወቀችም። ነርሷ እስክሪብቶዋን ስሙ ላይ አሳረፈች። የነገር ፈላጊ እጅ ክንዴን ጨምድዶ ይዞት ነበር።

"መጣን! መጣን!"

ጥበቃው እናቱን ደግፎ፣ ላብ በላብ ሆኖ ከደረጃው ብቅ አለ። እናትየው ይቆጣሉ፦ "ነገ ነው እያልኩት እየጎተተ አመጣኝ! ይሄን ልጅ ቀን መቁጠር ማን እንዳስተማረው እንጃ!"

ኮሪደሩ በሳቅ ፈረሰ። የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር እናትየውን ተቀብሎ ተዘጋ። ነገር ፈላጊ አልሳቀችም፤ የተዘጋውን በር እያየች ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

ያን ጊዜ ነው ያቺ ቀን ትዝ ያለችኝ። ጳጉሜ 6 ቀን 2003። ለመሞከሪያ የ2007ም ትበቃ ነበር፤ እሷ ግን ያቺን መረጠች። የራሷ ልደት ልትሆን አትችልም። በዚያ ቀን የተወለደ ልጅ ቢኖር አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እሷ ደግሞ ልጅ አለኝ፣ ነበረኝም ብላ አታውቅም።

ጥበቃው እጄን ይዞ "እግዜር ይስጥልኝ" ሲለኝ፣ ምስጋናው የእሷ መሆኑን ልነግረው ዞር አልኩ። ቦታዋ ባዶ ነበር። ወደ ደረጃው ሮጥኩ፤ ከታች የውጭው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ሰማሁ።