መነጽር ኪስ ውስጥ

«ጋሽ ማጎልበት» የሚለውን ቅጽል ስም ማን እንዳወጣላቸው እስካሁን የተናዘዘ የለም። ብቻ የድጋፍ ጥያቄ ሲጽፉ ያለዚህ ቃል ዐረፍተ ነገር አይዘጋላቸውም። ልጃቸውን ገበያ ሲልኩ እንኳ «የቤታችንን የሽንኩርት አቅም አጎልብት» ይላሉ ተብለው ይታማሉ። ሐሜት ነው፤ ግን ያምርባቸዋል።

የሚሠሩበት ማኅበር ለተማሪዎች መነጽር ያድላል። ልጆቹ ታዲያ ተቀብለው ቦርሳቸው ውስጥ ይቀብሩታል። ይህን ለማስቀረት ጋሼ የጻፉት ጥያቄ ከገንዘብ ሰጪው ተመልሶ መጣ፦ «ዓላማዎቹ አይለኩም፤ ከአሠራሩም ጋር አይገናኙም። እስከ ዓርብ አስተካክሉ።» ዓርብ ካመለጠ ማኅበሩ ይዘጋል፤ እሳቸውም ጡረታቸው ሳይደርስ ቤት ሊውሉ ነው።

የማኅበሩ የቁጥር ባለሙያ ወንበሯን ስባ አጠገባቸው ተቀመጠችና የመጀመሪያውን ዓላማ አነበበች፦ «የተማሪዎችን የመነጽር ባህል ማጎልበት።»

«ጋሼ፣ መጎልበቱን በምን እናውቃለን?»

«ይታያላ።»

«ለማን?»

ጋሼ ብዕራቸውን አነሡና «በዘጠና አምስት በመቶ» የሚል ጨመሩበት።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

«ቁጥር ትወጃለሽ ብዬ ነዋ።»

ማኅበሩ ቀደም ሲል ያደረገውን የሙከራ ሥራ ውጤት አወጣች። ያኔ ክፍል ገብተው ሲቆጥሩ፣ መነጽር ከተሰጣቸው ያደረጉት አርባ በመቶው ብቻ ነበሩ። «እንግዲያው መምህራኑን አሠልጥነን በስድስት ወር ከአርባ ወደ ሰባ እናድርስ። መለኪያችንስ?»

«መጠይቅ አለ። ‹መነጽርህን ታደርጋለህ?› ብለን እንጠይቃለን።»

«በዓይን የቆጠርነውን በአፍ ልንለካው?»

«ሰው ስለ ገዛ መነጽሩ ምን ብሎ ይዋሻል?»

ይህን ሲሉ ስልካቸው ጠራ። ማን እንደደወለ ለማየት ክንዳቸውን ዘርግተው አራቁት። ባለቤታቸው ናቸው፤ ድምፃቸው ኮሪደሩን ይሞላል።

«መነጽርህን አድርገሃል?»

«አድርጌያለሁ እንጂ።»

መነጽሩ ከሸሚዝ ኪሳቸው ሆኖ ይህን ሁሉ ይሰማል።

ባለሙያዋ መጠይቁን ሰርዛ ጻፈች፦ «በስድስተኛው ወር፣ መነጽር ከተሰጣቸው ተማሪዎች ሰባ በመቶው ክፍል ውስጥ አድርገውት ይገኛሉ። መለኪያ፦ ሳይነገር በሚደረግ ጉብኝት በዓይን መቁጠር።» ሁለተኛው ዓላማ «የወላጆችን ንቃት ማጎልበት» ይላል። አሠራሩ ውስጥ ቢፈለግ ቢፈለግ ዘመድ አልተገኘለትም፤ ወላጅ የሚያናግር ሥራ አንድም የለማ። እሱም ተሰረዘ። ጋሼ ቀብር እንደዋለ ሰው አቀርቅረው ሻይ ጠጡ።

ዓርብ ጠዋት ባለቤታቸው ሳይነገር ቢሮ ዘው አሉ። ማን እንደጠራቸው አልናገርም፤ ቁጥር ትወዳለች። ጋሼ ተደናግጠው መነጽሩን ከኪስ መንጭቀው ግንባራቸው ላይ ሰቀሉት።

«ይኸው አድርጌያለሁ።»

«በግንባርህ ነው የምታነበው?»

ባለሙያዋ አሠራሩ ላይ አንድ መስመር ጨመረች፦ «አድርጓል የሚባለው መነጽሩ ዓይኑ ላይ ሲሆን ብቻ ነው።» ከዚያ ላከችው።

ገንዘቡ ተፈቀደ። ገምጋሚዎቹ ያቺን መስመር ለይተው «በጥንቃቄ የታሰበች» ብለዋታል። ጋሼ ደብዳቤውን ለገባ ለወጣው ሁሉ ያነቡለታል፣ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው። «ሐሳቡ የኔ ነው» ይላሉ። እንዴት ሐሰት ነው ይባላል?