ፖስታው ላይ ያልያዘው ስም

ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነበረኝ። የሠርግ ካርድ የሚያሳትም ሰው ወደ እኔ ይመጣ ነበር፤ እኔም በሙያዬ ትንሽ እኮራለሁ። ወፍራም ካርድና ፖስታ እንደ ተራ ወረቀት የሚያትም ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። የሌዘር ፕሪንተር ቀለም ዱቄት ነው፤ ወረቀቱን የሚይዘው በሙቀት ቀልጦ ነው። ወፍራም ነገር ደግሞ ሙቀቱን ይወስደዋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ «ወፍራም ወረቀት» የሚለውን መርጦ፣ ፖስታው ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ እንዲወጣ የማሽኑን የኋላ በር ከፍቶ፣ አንድ በአንድ በእጅ ማጉረስ ነው። ከዚያ በአውራ ጣት ፈተግ አድርጎ ማየት።

የራሴ ሠርግ ሲደርስ ካርዱን ያተምሁት እኔው ነኝ። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ የተጠሪዎቹን ስም ያነብልኝ ነበር። ደጋን ከተማ ከሚኖረው ብቸኛ ወንድሙ ጋር በውርስ ቤት ተጣልተው ስምንት ዓመት አልተነጋገሩም፤ የተላከው ሽማግሌ ሁሉ ተመላልሶ ሰልችቶታል። ፖስታው ሁሉ አልቆ ማሽኑን ላጠፋ ስል አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የሱንም ጻፊው» አለኝ። «ወላሂ፣ ከመጣ አቅፌ ነው የምቀበለው።»

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ይኸኔ መብራት ድርግም አለ። ሲመለስ ኮምፒውተሩን አስነሥቼ የአጎቴን ስም ጻፍሁ፣ አተምሁ። ምርጫው ወደ ተራ ወረቀት መመለሱን ልብ አላልሁም። ወደ ደጋን የሚወርደው የሚኒባስ ሹፌር በር ላይ ጥሩምባውን ይነፋል፤ እኔም በጣቴ ሳልሞክረው ሰጠሁት። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

በሠርጉ ቀን አባቴ አጠገቡ ያለውን ወንበር ማንም እንዳይቀመጥበት ከለከለ። ዓይኑን ከዳሱ በር ሳይነቅል ዋለ። አጎቴ አልመጣም።

«ጠርቼው ነበር» አለ ማታ ለእናቴ። ከዚያ ወዲያ ስሙን አላነሣም።

በዓመቱ አጎቴ ሞተ። ለቅሶ ደጋን ወረድን። ሚስቱ ከሳጥን ውስጥ ፖስታውን አውጥታ አባቴ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ስሙ የነበረበት ቦታ በጥቁር ተለውሷል፤ ሁለት ሦስት ፊደል ብቻ ቀርቷል።

«ስሜን ጽፎ መልሶ አጠፋው፣ እንዳልመጣ ነው የነገረኝ እያለ ነው የሞተው» አለችው። «ምን በደለዎት?»

አባቴ ፖስታውን ገልብጦ አየው። እኔ ግን ፖስታውን እንዳየሁ ገባኝ። እግሩ ሥር ተንበርክኬ፣ «አባ፣ እኔ ነኝ። ቀለሙ በደንብ አልሞቀም ነበር፤ መንገድ ላይ ተፍቆ ነው። ማንም አላጠፋውም» አልሁት።

ጭንቅላቴን ዳሰሰኝ፤ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔማ እንዳልደመሰስሁት አውቃለሁ፣ ልጄ» አለ። «ይኼን መስማት የነበረበት እሱ ነው።»