ዋጋው ብቻ የተነካበት ውል

ያንን የውል ማራዘሚያ ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። በታይፕ የመታሁትም እኔው ነኝ፤ አንድ ገጽ ብቻ፣ በካርቦን ሦስት ቅጂ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ውል ጽፌያለሁ። የሚያሳፍረኝ ግን እሱ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ አሰላ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ባሕር ዳር የሄድኩት ተመድቤ እንጂ መርጬ አይደለም። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የግዥና የውል ሠራተኛ ነበርኩ። ቤት እስኪገኝልህ ተብሎ ጣና ዳር ባለው የመሥሪያ ቤቱ እንግዳ ማረፊያ አንዲት ክፍል ተሰጠችኝ፤ ቤቱ ሳይገኝ ሁለት ዓመት አለፈ። እንግዳ የሚመጣው በዓመት አንዴ ቢበዛ ሁለቴ ነው። በተረፈው ጊዜ አምስት ክፍል፣ አንድ ረጅም በረንዳ፣ ሐይቁና እኔ ነበርን። ዘበኛው ከሰላምታ አያልፍም። ሐይቅ ዳር መኖር መታደል ነው ይሉኛል የቢሮ ሰዎች፤ እስኪ ይሞክሩት። የገዛ ድምፄን ለመስማት ብዬ ጋዜጣ ጮክ ብዬ አነብ ነበር፤ የዚያ ዘመን ጋዜጣ ደግሞ በለሆሳስም ቢሆን አይነበብም።

ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ግን ሰው ነበረኝ።

የመሥሪያ ቤታችንን ጽዳት በውል የያዘው የአንድ ቀበሌ ሴቶች ማኅበር ነበር። የውሉ አንቀጽ ሦስት የሚጸዱትን ቦታዎች ይዘረዝራል፤ ዋናው ቢሮ፣ አዳራሹና እንግዳ ማረፊያው። እንግዳ ማረፊያው ሩቅ ነው፤ ማለዳ ደግሞ ሣር ሊግጥ የወጣ ጉማሬ መንገድ ላይ ይቀራል። አባሎቹ እምቢ ስላሉ የማኅበሩ ሊቀመንበር ራሳቸው ይመጡ ነበር። ሃምሳ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ምላሰኛ ሴት ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። እሳቸው ቤት ውስጥ አንተ ይሉኛል፤ ቢሮ ሲያገኙኝ ግን እንደ ትልቅ ሰው አንቱ ይሉኝና በዓይናቸው ይስቃሉ።

ወለሉን ተንበርክከው በሰም ወልውለው ሲጨርሱ ሻይ አፈላለሁ፤ በረንዳው ላይ ተቀምጠን እንጠጣለን። ስለ ጎረቤቶቻቸው፣ ስለ ቀበሌ ስብሰባ፣ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስለቆጠሩበት ክረምት ያወሩኛል። ቁራሽ ዳቦዬን ቆሜ ስገምጥ ካገኙኝ፣ «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል፤ ተው ሚስት አግባ» ይሉኛል። በእነዚያ ሁለት ቀናት ሁልጊዜ ቢሮ አርፍጄ እገባ ነበር። እናቴን እንኳ እንዲህ ጠብቄ አላውቅም።

ውሉ ሰኔ ሠላሳ ያበቃል። ግንቦት ላይ ማኅበሩ ዋጋ እንዲስተካከልለት ደብዳቤ ጻፈ፤ ሳሙናና ሰም የማኅበሩ ወጪ ነው፣ ሁለቱም ተወድደዋል። እኔ ከሱቅ ሱቅ ዞሬ የሳሙናና የሰም ዋጋ አሰባስቤ ጥያቄያቸውን ደገፍኩ፤ ኃላፊዬም ተቀበለው።

«ሰኔ ሳያልቅ ይፈረም» አለኝ። «ጊዜው ካለፈ የሚራዘም ውል የለንም፤ አዲስ ጨረታ ልንጠራ ነው። ከዋጋው ሌላ የሚለወጥ ነገር ካላቸው ጠይቃቸውና ጨምረው፤ እኔ እፈርማለሁ።»

ማግስቱ ማክሰኞ ነበር። ሳልጠይቃቸው እሳቸው ጀመሩ።

«ይኸውልህ፣ ዋጋው ተስተካከለ አሉ፤ እግዜር ይስጥህ። አንድ ነገር ግን አለን። ይኸ የሐይቅ ዳር ቤት ከውሉ ይውጣልን ብለን ተነጋግረናል። ከዋጋውም ላይ ለሱ የሚገባው ይቀነስ።»

ሻዩን እየቀዳሁ ነበር። ቤቱ ከውሉ ከወጣ ማክሰኞም ዓርብም እንደ ሌላው ቀን ይሆናሉ። ሌላ ምንም አልታየኝም፤ ለምን ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም።

«አይሆንም እትዬ» አልኳቸው። «ማራዘሚያ ላይ የሚነካው ጊዜውና ዋጋው ብቻ ነው። ሌላ አንቀጽ ከተነካ አዲስ አበባ ለበላይ መሥሪያ ቤት ይላካል፤ መልሱ ሳይመጣ ሰኔ ያልቃል፤ ከዚያ ጨረታ ነው።»

ውሸቴ በውነት የተለበጠ ነበር፤ ጨረታው እውነት ነው፣ ሰኔም እውነት ነው።

«ጨረታስ ከመጣ ሴቶቹ ሜዳ ላይ መቅረታቸው ነው። እንግዲያው ይቅር» አሉና ብርጭቋቸውን አጥበው ሄዱ።

ፊርማው በሰኔ መጨረሻ በኃላፊው ቢሮ ሆነ። ዋናው ውል በጽሑፍና በሁለት ምስክር ስለተደረገ ማራዘሚያውም እንደዚያው ነው። የሚለው ነገር ጥቂት ነው፤ ውሉ ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ለአንድ ዓመት ተራዝሟል፤ ወርኃዊው ዋጋ በዚህ ተተክቷል፤ ይህ ሰነድ የዋናው ውል አካል ነው። ላንብብላችሁ ስል እትዬ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ። በጣታቸው እየተከተሉ፣ ፊደል በፊደል፣ የመጨረሻውን አንቀጽ ጮክ ብለው አነበቡት። «ሌሎች የውሉ አንቀጾች ሳይለወጡ እንደነበሩ ይጸናሉ።» ኃላፊዬ አጨበጨበላቸው። እኔ መስኮቱን አየሁ። ሦስቱም ቅጂ ላይ ፈርመው የማኅበሩን ማኅተም መቱ፤ አንዱን አጣጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

በሐምሌ የመጀመሪያው ማክሰኞ ሻይ ጥጄ ጠበቅኩ። በሩን ያንኳኳችው የማላውቃት ወጣት ሴት ናት። መሸንቲ ከምትባል የገጠር ከተማ መምጣቷን፣ ለማኅበሩ አዲስ አባል መሆኗን ነገረችኝ፤ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልወጣትም። ሻይ ስሰጣት አቀርቅራ ተቀበለችኝና ባልዲው አጠገብ አስቀመጠችው። ሥራዋን ጨርሳ ስትሄድ ሻዩ እንዳለ ነበር። ዓርብም እሷ መጣች። አሟቸው ይሆናል ብዬ ሁለት ሳምንት ታገስኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ቢሮ መተላለፊያው ላይ አገኘኋቸው። የሰኔን ወር ሥራ የሚያረጋግጥ ወረቀት ሊያስፈርሙ መጥተው ነበር።

«እትዬ፣ ጠፉብኝ እኮ» አልኳቸው።

«ጉልበቴ ነዋ» አሉ። «መራመዱንስ እራመዳለሁ፤ መንበርከክ ነው የከለከለኝ። ያ ቤት ይውጣልን ያልሁህ እኮ ለዚህ ነበር። ሌሎቹ አይሄዱም፣ እኔ አልችል። ውሉ እንደነበረ ይጸናል ከተባለ ሰው መላክ ግድ ነው። በተጨመረው ዋጋ አንድ ሰው ቀጠርን።»

የተጨመረው ዋጋ ለሳሙናና ለሰም ነበር። ከሱ የሚተርፍ ነገር እንዳልነበረ ያሰላሁት ራሴ ስለሆንኩ አውቃለሁ። የልጅቷ ድርሻ ከሌሎቹ ሴቶች እንጀራ ላይ የተቆረሰ ነው። ይህን አልነገሩኝም፤ መንገርም አላስፈለጋቸውም።

«እሁድ እንኳ ብቅ ቢሉ» አልኩ። ድምፄ የልጅ ድምፅ ሆነብኝ።

«እሱንማ አስቤው ነበር» አሉ። «ቤቱ ከውሉ ከወጣልን እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እየመጣሁ ሻይህን እጠጣለሁ፣ እንግዲህ ባልዲ የለብኝ ብዬ። ለሴቶቹም ነግሬያቸው ነበር። አሁን ግን ቤቱ የሷ ሥራ ነው። እኔ ደግሞ አለቃዋ ነኝ። በረንዳው ላይ ተቀምጬ ከታየሁ ወለሏን ልትመረምር መጣች ይባላል፤ ልጂቱ ገና አዲስ ናት፣ ትሸማቀቅብኛለች። ዓመቱ ይለፍ እስኪ።»

ወረቀታቸውን አስፈርመው ሊሄዱ ሲሉ ዞር አሉ።

«ለመሆኑ ዋጋው ብቻ ነው የሚነካ ያለው ማነው? ያንተ አለቃ እንዲያ ያለ ክፉ ሰው አይመስለኝም።»

መናገር የምችልበት ሰዓት ያ ነበር። ኃላፊው በሩ ክፍት ነው፤ በአንድ ቀን የሚስተካከል ነገር ነው፤ እሳቸውም ቢበዛ ይቆጡኝ ነበር።

«ሕጉ ነው» አልኳቸው።

አመኑኝ። «በል ክረምቱ ከባድ ነው፣ ጋቢ ደርብ» ብለውኝ በዝናቡ ወጡ።