የአማቴ የዓይን ጠብታ

አሰበ ተፈሪ ሐኪም ቤት ለአማቴ ሁለት ዓይነት የዓይን ጠብታ ሲያዝላቸው፣ የምጨምርላቸው እኔ ሆንኩ። እጄን ታጥቤ «ቀና ይበሉ፣ ወደ ላይ ይመልከቱ» እላለሁ። የታችኛውን የዓይን ቆባቸውን ሳብ አድርጌ፣ የጠርሙሱ ጫፍ ሽፋሽፍታቸውን እንኳ ሳይነካ አንዲት ጠብታ ጣል አደርጋለሁ። ከዚያ ዓይናቸውን አስጨፍኜ፣ በአፍንጫቸው በኩል ያለውን ጥግ በጣቴ ጫን አድርጌ እይዛለሁ።

«አንድ ጠብታ ብቻ? ያ ረቢ! ምን ዓይነት ንፉግ ነው ልጄ ያመጣብኝ!»

ሁለተኛውን ለመጨመር አምስት ደቂቃ ስጠብቅማ ይብስባቸዋል። ወዲያው ከደረብኩት የመጀመሪያውን አጥቦ ያወጣዋል ብላቸው ማን ሰምቶኝ! «እስክታወር ነው የምትጠብቂው» ይሉኛል።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ፣ ከእንግዶቻቸው ጋር ጫት የሚቅሙበት ሰዓት ነበር፣ ጎረቤታችንን አጋድመው ያንኑ ጠብታ ሲጨምሩላት ደረስኩ። የሴትዮዋ ዓይን ቀልቶ መግል ይዟል፤ የጠርሙሱ ጫፍ መግሉ ላይ ተለጥፏል። አማቴ ጫፉን በሻሻቸው ጠረግ አደረጉና ወደ ራሳቸው ዓይን አነሱት። ከእጃቸው ነጥቄ ሽንት ቤት ወረወርኩት። እንግዶቹ ፊት ረገሙኝ።

በማግስቱ አዲስ ገዛሁ። ጎረቤቲቱ ደግሞ ልትለምን መጣች። አማቴ ጠርሙሱን ትራሳቸው ሥር ሸጎጥ አደረጉና፣ እኔ እዚያው ቆሜ እየሰማሁ፣

«ወላሂ እኔማ በሰጠሁሽ፤ ይህች ንፉግ ምራቴ ቆልፋበታለች» አሏት።