ሩብ ሰዓት የሚያርፍ ሩዝ

ሩዝ የሚያመርት ቤተሰብ ሩዝ መቀቀል አያቅተውም ብሎ የሚያስብ ሰው የእናቴን ቤት አላየም። ከሐሙሲት ወደ ሜዳው ወረድ ብሎ ባለው ማሳችን ክረምቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆመን አረም እየነቀልን ነው ያደግነው። ሩዛችን ግን መንገዱ ወደ ወፍጮ ቤት ነበር። ከጤፍ ጋር ተቀይጦ እንጀራ ይሆናል፣ የቀረው ይሸጣል። ፍሬው ከፍሬው ሳይነካካ ሳህን ላይ የተቀመጠ ሩዝ መጀመሪያ ያየሁት ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ስቀጠር ነው። እዚያ አራት ዓመት ሠራሁ፤ ባሌንም ያገኘሁት እዚያው ነው።

የባሌ ወላጆች አዲስ አበባ ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ለመልሳችን እናቴ ቤት በመጡ ጊዜ ጎረቤቶቻችን ለከተማ ሰው የሚሆን ምግብ እናቅርብ ብለው ሩዝ ቀቀሉ። በጭልፋ ሲያነሱት አብሮ የሚነሳ ነገር ሆነ። አማቴ ሳቅ ብለው፣ “የአገር ውስጥ ሩዝ መቼም ይያያዛል፣ ምን ይደረግ!” አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም። እናቴ ግን ሰማች፤ እናቴ ደግሞ የሰማችውን አትጥልም።

ልጄ ተወልዶ አርባ ቀኑ ሲደርስ ጊዜው ጾመ ነቢያት ነበር፣ አጨዳው ገና እንዳለቀ። ክርስትናው በጾም ስለዋለ ዶሮም ሥጋም የለም፤ ከምስሩና ከአትክልቱ መሐል ዓይን የሚያርፍበት ሩዙ ነው። እናቴ ከበዓሉ አራት ቀን ቀድማ፣ በሚኒባስ፣ ግማሽ ጆንያ ሩዝ ይዛ መጣች። ከሐሙሲት እስከ ባሕር ዳር ጭኗ ላይ አስቀምጣው እንደነበር ቀሚሷ ይናገር ነበር። አበጥራዋለች፣ ነፍታዋለች፣ ከዚያም ሰባራውን ከደህናው በጣቷ ለይታ ለቅማዋለች።

“ሰባራውን ለዶሮ ሰጠሁት” አለችኝ። “እኒያ ሴትዮ ፊት ፍሬ በፍሬ ሆኖ ይቅረብልኝ። ሌላ ነገር አልለምንሽም።”

ፈራሁ። ከውጭ የሚመጣውን ረጅሙን ሩዝ ዓይኔን ጨፍኜ እቀቅለዋለሁ፤ አንድ ኩባያ ሩዝ፣ ሁለት ኩባያ ውሃ፣ አለቀ። የእናቴ ሩዝ ግን አጭር ነው፣ ገና ከማሳ የመጣ ስለሆነ ደግሞ የራሱ እርጥበት አለው። ሁለት ኩባያ ውሃ ስሰጠው አጥሚት መሰለ። አንድ ተኩል ስሰጠው ተያያዘ። በማግሥቱ በደንብ አጠብኩት። አንዴ ወይም ሁለቴ አይደለም፤ ውሃው ወተት መምሰሉን እስኪተው ስድስት ጊዜ በእጄ እያገላበጥኩ አጠብኩና ወንፊት ላይ ጠፈፍ አደረግሁት። በጥቂት ዘይት አመስ አመስ አድርጌ፣ ለአምስት ኩባያ ሩዝ ስድስት ኩባያ የፈላ ውሃ ብቻ ሰጠሁት። ከዚያ ከሰሉን ቀንሼ፣ ከድኜ፣ ውሃውን እስኪመጥ ተውኩት፤ አውርጄም ሳልከፍት ሩብ ሰዓት አሳረፍኩት። ያልተሳካውን ሁሉ የበላችው እናቴ ነች፤ ይጣላል እንዴ!

የመጨረሻውን ሙከራ ስከፍት እናቴ ጥቂት አንስታ መዳፏ ላይ በተነችው። እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው ተንከባለለ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እንደ ልጅ ሳቀች። ያንን ሳቅ ለማየት ሌላ ሦስት ቀን እቀቅል ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አልገባትም፤ ማሳረፉ። “ከእሳት የወረደ ምግብ ደግሞ ምን ይጠብቃል?” አለችኝ። እኛ ቤት ጎበዝ ሴት ማለት ድስቷን የማትተው ናት፤ ትከፍታለች፣ ታማስላለች፣ ትቀምሳለች። ሩዙ ከእሳት እንደወረደ ላዩ እርጥብ መሆኑን፣ ፍሬውም ገና ልፍስፍስ መሆኑን ነገርኳት። ያኔ ካማሰሉት ይሰበራል፣ የተሰበረው ይለጠፋል፤ ሩብ ሰዓት ተከድኖ ከቆየ ግን እንፋሎቱ ላይና ታቹን ያዳርሰዋል፣ ፍሬውም ይጠነክራል።

“እንደ አራስ ነዋ!” አለች። “እንዲያ ብትይኝ ምን አለ፣ አልነካውም።”

የክርስትናው ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ትልቁን ድስት ጣድኩ፤ ሃያ ኩባያ ሩዝ። በትልቅ ድስት የሚተነው ውሃ አነስተኛ ስለሆነ ከልኩ ላይ አንድ ኩባያ ቀነስኩለት። ሽታው ሲያውደኝ እንደተሳካ አወቅኩ። አውርጄ በድስቱና በክዳኑ መሐል ንጹሕ ፎጣ አደረግሁ። በዚያው ቅጽበት ልጄ አለቀሰ።

“እማ፣ ሩብ ሰዓት። ማንም እንዳይከፍት” ብያት ገባሁ።

ጓዳ አልጋ ላይ ሆኜ እያጠባሁ በበሩ አያታለሁ። ድስቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጎረቤቶቻችንን አንድ በአንድ ታባርራለች። ጨው ልቅመስ ያለችውን፣ “አራስ ናት፣ ዞር በይ!” አለቻት። ለብቻዬ ሳቅሁ።

አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም፣ የነፍስ አባታችን ገቡ። ሌላ ቤት ስለሚጠበቁ ማዕዱን ባርከው ሊሄዱ ቸኩለዋል። እናቴ ብድግ አለች። በእኛ አገር ቄስ ሲባርክ ምግብ አይከደንም፤ የተከደነ ምግብ በረከት አይደርሰውም ይባላል። የምስሩን ድስት ከፈተች፣ የጎመኑን ከፈተች። ከዚያ ወደ ሩዙ ዞረች።

“እማ!” አልኩ። ቄሱ “አቡነ ዘበሰማያት” ጀምረዋል፤ በጸሎት ላይ ማን ይጮኻል? ጡቴን ሳስለቅቀው ልጁ ጮኸ፣ ድምፄን ዋጠው። እናቴ ክዳኑን አነሳች፣ ፎጣውን ገፈፈች። ጸበሉ ሲረጭ ጭልፋ አንስታ ከሥር ወደ ላይ፣ ከሥር ወደ ላይ፣ በረከቱ ሁሉንም ፍሬ እንዲያዳርስ አማሰለችው። እንዴት ባለ እምነት እንዳማሰለችው! ደርሼ እጇን ልይዝ እችል ነበር፤ በረከት የሚቀበል እጅ መያዝ ግን አልደፈርኩም። እንፋሎቱ በአንድ ጊዜ ወጥቶ አለቀ።

ሲቀርብ ከሥሩ ያለው ተለጣጥፏል፣ ከላይ የነበረው መሐሉ ጥሬ ነው። አማቴ ሁሉንም በሉ። “እንዴት ይጣፍጣል፣ እጅዎ ይባረክ!” አሏት፣ ጨምረውም ወሰዱ። እናቴ ሞኝ አይደለችም። ሳህናቸውን አየች፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ወዲያ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። “ውሃ አበዛሁበት” አልኩ ለሁሉም እንዲሰማ።

እንግዳው ከሄደ በኋላ ድስቱን ስትፈገፍግ አጠገቧ ቆምኩ።

“ጥፋቱ ያንቺ አይደለም” አለችኝ። “እጅሽን አይቸዋለሁ። ዘሩ ነው። የእኛ መሬት ሩዝ ሰው ፊት የሚቀርብ አይደለም።”

አፌን ከፈትኩ። ምን ልበላት? ሩዝሽ ደህና ነው፣ ያበላሸው እጅሽ ነው? ያውም በረከት ሲቀበል? መሬቷን ላድንላት ብል እጇን ልወቅስ ነው፤ እጇን ባድን መሬቷ ተወቀሰ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ግን ነቅዟል፣ በየቀኑ ይሰማኛል።

ዘንድሮም አጨዳው እንዳለቀ መጣች። ከሚኒባሱ ስትወርድ ጆንያውን ተቀበልኳት። እጄ ላይ እንደ ሩዝ አልተንሸራተተም፤ ለስለስ ብሎ ተቀመጠ።

“ሁሉንም አስፈጨሁት ልጄ፣” አለችኝ፣ “እንዳትቸገሪ ብዬ።”