ሦስት ሆኖ የወጣው ሃያ አንደኛ

ሰርክአዲስ አዳማ ውስጥ ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ እኔ ከጎኗ ባለው ክፍል ሒሳብ። ድሮም ቁጭ ማለት አታውቅም። ልጇን ከወለደች ወዲህ ግን ባሰባት፤ በእረፍት ሰዓት በረንዳው ላይ እየተመላለሰች እኔንም አዞረችኝ።

ሐኪሙ ሕፃኗን ሲያያት ዳውን ሲንድረም ጠርጥሮ ደሟን ለክሮሞሶም ምርመራ አዲስ አበባ ልኳል። ወሬው ደግሞ እኛን ቀድሞ ሁሩታ ገባ። እዚያ ያሉት የታናሽ እህቷ የማርቲ እጮኛ ቤተሰቦች «በዘር የሚሄድ ነገር አለባቸው» ብለው ሠርጉን አቆሙት። ሰርክአዲስ የእህቷን ዓይን ማየት አቃታት። ውጤቱ እስኪመጣ ስድስት ሳምንት በቀን ሦስቴ እየደወለች ሰው አሰለቸች።

ውጤቱ ሲመጣ አብሬያት ገባሁ። ዶክተር መሳይ ወረቀቱን ዘረጋላት። ክሮሞሶሞቹ ከትልቁ ወደ ትንሹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል፤ ከአንድ እስከ ሃያ ሁለት፣ መጨረሻ ላይ የፆታዎቹ፣ ሁለት ኤክስ። ጣቷ በየረድፉ እየቆጠረ ወረደ። ሃያ አንደኛው ላይ ሦስት ናቸው።

«አርባ ሰባት» አለች፤ መሆን የነበረበት አርባ ስድስት ነው። «በቃ፣ ማርቲን አበላሸኋት!»

«ቆይ እንጂ መምህርት!» አለ ዶክተሩ። «የሚያሰጋንማ ምልክቱ እያለ ቁጥሩ አርባ ስድስት ቢሆን ነበር። ትርፉ ሃያ አንደኛ ሌላው ላይ፣ ለምሳሌ አሥራ አራተኛው ላይ ተለጥፎ ቢሆን፣ ከወላጅ የመጣ ሊሆን ስለሚችል የእናንተንም የማርቲንም ደም እናስመረምር ነበር። ይሄ ግን ለብቻው ነው የቆመው። እንቁላሉ ወይም የወንዱ ዘር ሲሠራ፣ በሚዮሲስ ጊዜ፣ መለያየት የነበረባቸው ሁለቱ አብረው ቀሩ። የሌላኛው ወላጅ አንድ ሲጨመር ሦስት ሆነ። ማንም ያጠፋው ነገር የለም። የማርቲን ዕድልም አይለውጠውም።»

አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማረችውን ነው የነገራት። ፍርሃት ሲይዝ ትምህርት እንዲህ ነው የሚጠፋው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ከሁሩታ መጡ። ሰርክአዲስ ወረቀቱን ይዛ፣ ቆማ፣ ላብ እያጠመቃት አስረዳች። ጋሽ ንዋይ፣ የሙሽራው አጎት፣ መነጽራቸውን አድርገው ሦስቱን አንድ በአንድ ቆጠሩ።

«እንግዲህ ከዘር አይደለማ» አሉ። «ሠርጉ ይሁን። ብቻ ሕፃኗ... ያን ቀን ሰው ፊት ባትቀርብ አይሻልም?»

«እሺ» አለች ሰርክአዲስ። ቶሎ ነው ያለችው፤ ማንም ሳይቀድማት።

እኔ በንዴት ተቃጠልኩ፤ ግን የገዛ ቤቷ ስለሆነ ነገሩን ለእሷ ተውኩላት። ማርቲ ግን ተነሣች። ጓዳ ገብታ ሕፃኗን አቅፋ ወጣችና ጋሽ ንዋይ አጠገብ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ይቺን አቅፌ ነው የምሞሸረው። ካልሆነ ሠርጉ ይቅር።»

ጋሽ ንዋይ አንገታቸውን ደፉ። «ይሁን፣ አቅፈሻት ተሞሸሪ» አሉ።

ሰርክአዲስ ግን አልሰማቻቸውም። ልጇን ከእህቷ እጅ ለመቀበል እጇን ዘርግታ፣ ለመንካት አፍራ፣ እንደዚያው ቆማ ታለቅስ ነበር።